የቤት እርጎ ለምን ይቀጥናል፦ ከጥቅምት እስከ ጾም መግቢያ የያዝኩት ማስታወሻ

ጥቅምት መጀመሪያ፦ መነሻው

የያዝኩት ሥራ ይሄ ነው። ወተት አምጪያችን ጠዋት ጠዋት የሚያደርስልንን የላም ወተት ቤት አርግቼ፣ በማንኪያ የሚቆረጥ ወፍራም እርጎ ማውጣት። እስካሁን የሚወጣው በብርጭቆ የሚጠጣ ነው። ጣዕሙ ምንም አይልም። ግን ቀጭን ነው፤ ድስቱን ዘንበል ሲያደርጉት ይፈሳል።

አሠራሬ ሰፈሩ ሁሉ የሚሠራው ዓይነት ነው። ወተቱን አፈላለሁ። ለብ ሲል ከሱቅ የገዛሁትን ስኳርም ፍራፍሬም የሌለበት እርጎ እንደ እርሾ እጨምርበታለሁ። ድስቱን በጋቢ ጠቅልዬ ማታ አስቀምጥና ጠዋት እከፍተዋለሁ።

እርጎ ቀጠነ ሲባል የሚሰጠው ምክር ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እርሾ ይብዛበት።» ስለዚህ ከእርሾው ጀመርኩ።

ግማሽ ግማሽ ሊትር የሚይዙ ሦስት ክዳን ያላቸው የመስታወት ጠርሙሶች አጠብኩ። አንድ ድስት ወተት አፍልቼ ሦስቱ ውስጥ እኩል ቀዳሁ። አንደኛው ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ ገባ። ሁለተኛው ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ። ሦስተኛው ላይ አራት የሾርባ ማንኪያ። ሦስቱንም አንድ ጋቢ ውስጥ ጠቅልዬ ጠረጴዛ ላይ አሳደርኳቸው።

ጠዋት ሦስቱም ቀጭን ነበሩ። የሻይ ማንኪያው ወተት ነው ማለት ይቻላል፤ ትንሽ ብቻ ኮምጠጥ ብሏል። የሾርባ ማንኪያው እንደ አጥሚት ይፈሳል። አራት ማንኪያ የገባበት ከሁለቱ ይወፍራል፤ ግን አፍ ላይ እንደ ተፈጨ ሩዝ የሚሻክር ቅንጣት አለው፤ አናቱ ላይ ደግሞ አጓት አቁሯል። ከሁሉም የበለጠ የኮመጠጠውም እሱ ነው።

እርሾ መጨመር ውፍረት እንደማያመጣ እዚህ ላይ ታየኝ። የሚያመጣው ፍጥነት ነው። እርሾ ማለት ባክቴሪያ ነው፤ የወተቱን ስኳር በልቶ አሲድ ያወጣል። ብዙ ሲገባ አሲዱ በጥድፊያ ይመጣል፤ የወተቱ ፕሮቲንም ሥርዓት ይዞ ከመያያዙ በፊት ጓል ጓል እያለ ይሰበሰባል። በጓሉ መካከል የሚቀረው ውኃ መያዣ ስለሌለው አጓት ሆኖ ይወጣል። እርሾው ራሱም ኮምጣጣ ስለሆነ አራት ማንኪያው ወተቱን ገና ከመነሻው ያኮመጥጠዋል።

ለ1 ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ይህ ከወተቱ ከመቶ ሦስት እጅ ገደማ ነው። እርሾውን መጀመሪያ በትንሽ ለብ ያለ ወተት ጓሉ እስኪጠፋ መትቶ፣ ከዚያ ከቀረው ጋር ማዋሐድ ነው። ከዚህ በኋላ መጠኑን አልነካሁትም።

ጥቅምት አጋማሽ፦ ቴርሞሜትር ገዛሁ

የምግብ ቴርሞሜትር ነው፤ ረጅም ብረት እግር ያለው፣ በባትሪ የሚሠራ። ዋጋው ሲቀጥንብኝ በከረመው ወተት ሲመዘን ብዙ አይደለም። ከዚህ ሥራ ዕቃ አንዱን ብቻ ግዛ ብባል እሱን ነው የምገዛው።

ያንኑ የጋቢ አሠራር ደገምኩና ሙቀቱን እየለካሁ ጻፍኩ። ማታ 2 ሰዓት ላይ እርሾ ሲገባ ወተቱ 43 ዲግሪ ነበር። 4 ሰዓት ላይ 37 ሆነ። ከመተኛቴ በፊት 34። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ 24። የወጥ ቤቱ አየር 15 ነበር፤ የአዲስ አበባ የጥቅምት ሌሊት እንደዚህ ነው።

ጋቢ ሙቀት ይይዛል እንጂ አይሰጥም። ሰው ጋቢ ለብሶ የሚሞቀው ከራሱ አካል በሚወጣው ሙቀት ነው። ጠርሙስ ግን የያዘውን ቀስ በቀስ ይለቅቃል፤ ትንሽ ዕቃ ደግሞ ከትልቅ ድስት ቶሎ ይቀዘቅዛል። ወተት አምጪው «አምስት ሊትር ስታረጋ ይወፍራል፣ አንድ ሊትር ስታረጋ ይቀጥናል» ያለኝ ነገር ምክንያቱ ይሄ ነው።

ከሱቅ እርጎ የሚመጡት ባክቴሪያዎች በዋናነት ሁለት ናቸው፤ ስትሬፕቶኮከስ ቴርሞፊለስ እና ላክቶባሲለስ ቡልጋሪከስ። ሁለቱም ሙቀት ወዳዶች ናቸው። ደህና አድርገው የሚሠሩት ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። 30 አካባቢ ሲወርድ ሥራቸው በጣም ይቀዘቅዛል። 50 ሲያልፍ መሞት ይጀምራሉ። የኔ ጠርሙሶች ደህናውን ሙቀት ያገኙት ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ እርሾው ተኝቶ አድሯል።

መፍትሔው ቤት ውስጥ ነበር። ለጉዞ የምንይዘው አይስ ቦክስ ቅዝቃዜ እንደሚይዘው ሁሉ ሙቀትም ይይዛል። ጠርሙሶቹን ውስጡ አቁሜ 45 ዲግሪ የሆነ ውኃ እስከ አንገታቸው ሞላሁ። ውኃው ራሱ የሙቀት መጠባበቂያ ይሆናል። ክዳኑን ገጥሜ ከአምስት ሰዓት በኋላ ስለካ 40 ነበር። ምንም መብራት አልፈጀም፤ መብራት ቢጠፋም ግድ የለውም።

መጀመሪያ በውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ የፈላ ውኃ ሞልቼ በጎን አስቀምጬ ነበር። ፕላስቲኩ ተኮማተረ፤ አጠገቡ ያለው ጠርሙስ ባንድ ጎኑ ሞቆ በሌላው ጎን ቀዘቀዘ። ዙሪያውን በለብታ ውኃ መክበብ ይሻላል። አይስ ቦክስ የሌለው ሰው ሰፊ አፍ ያለው ፔርሙዝ ካለው ወተቱን እዚያው ውስጥ ማርጋት ይችላል። ፔርሙዙ ቀድሞ በሙቅ ውኃ ተለቅልቆ መሞቅ አለበት፤ አለዚያ ብርዱ ከወተቱ ላይ ጥቂት ዲግሪ ይወስዳል።

በአይስ ቦክሱ የመጀመሪያው እርጎ በአንድ ከሰዓት በኋላ ረጋ። ከጋቢው ጋር አይወዳደርም። ግን ገና ማንኪያ አላቆመም። በማንኪያ ሲቆረጥ ጉድጓዱ ወዲያው አጓት ይሞላና ጠርዙ ይናዳል።

ጥቅምት መጨረሻ፦ አፈላሉ

ይህ ክፍል ከሁሉም ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ከሁሉም በላይ ለውጥ ያመጣውም እሱ ነው።

እኛ ቤት ወተት ፈላ የሚባለው አረፋው ተነሥቶ ሊገነፍል ሲል ነው። ያኔ ከእሳት ይወርዳል። ቴርሞሜትሩን መሀል ላይ አስገብቼ ጠበቅሁ። አረፋው ወደ ድስቱ አፍ ሲወጣ ንባቡ 84 ዲግሪ ነበር። አወረድኩት። ደቂቃዎች ሳይቆዩ ከ80 በታች ወረደ።

ወተት የሚገነፍለው ሙሉ በሙሉ ስለፈላ ላይሆን ይችላል። ስልባቦቱ ከላይ እንደ ክዳን ተዘርግቶ ከታች የሚመጣውን እንፋሎት ያፍነዋል፤ እንፋሎቱም አረፋውን ይዞት ይነሣል። አዲስ አበባ ደግሞ ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ስለሚያልፍ ውኃ እንኳን የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። አዳማ ወይም ድሬዳዋ ያለ ሰው «አንድ ጊዜ አፍላው» ሲል የሚያገኘውን ሙቀት እኛ አናገኝም።

ሙቀቱ የሚፈለገው ጀርም ለመግደል ብቻ አይደለም። የወተት ፕሮቲን ባብዛኛው ኬዚን ነው፤ አራት አምስተኛ ያህሉ። የቀረው የአጓት ፕሮቲን ነው። ወተት ሲኮመጥጥ እርስ በርሱ ተያይዞ መረብ የሚሠራው ኬዚን ነው። የአጓት ፕሮቲኑ በተፈጥሮው ተጠቅልሎ ውኃው ውስጥ ይንሳፈፋል፤ መረቡ ውስጥ አይገባም። ከ80 ዲግሪ በላይ ሲቆይ ግን ጥቅሉ ይፈታና ከኬዚኑ ጋር ይጣበቃል። ያኔ መረቡ ይጠነክራል፣ ዓይኑም ይጠባል፣ ውኃውንም አይለቅም። ይህ ለውጥ ጊዜ ይፈልጋል። 85 ዲግሪ ላይ ሃያ ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ፣ 90 ላይ አሥር ደቂቃ ያህል።

ከሱቅ በከረጢት የሚሸጠው ፓስቸራይዝድ ወተትም እንደገና መሞቅ የሚኖርበት ለዚሁ ነው። እሱ በፋብሪካ የሚሞቀው ለመጠጥ ደኅንነት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 72 ዲግሪ ላይ ለ15 ሰከንድ። ያ ለጀርሙ ይበቃል፤ ለመረቡ አይበቃም።

በአንድ ቀን ወተት ሞከርኩት። አረፋው ሲነሣ ግማሹን ቀድቼ ለብቻ አስቀመጥኩ። የቀረውን እሳቱን ዝቅ አድርጌ 90 ዲግሪ አካባቢ ለአሥር ደቂቃ አቆየሁት፤ የድስቱን ቂጥ ሳላቋርጥ በእንጨት ማማሰያ እየፋቅሁ። ካልተማሰለ ያርርና ሽታው እርጎው ውስጥ ይቀራል። ጥሩ ዘዴ ሆኖ ያገኘሁት ድስቱን ውኃ በያዘ ሰፋ ያለ ድስት ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ ይዘገያል እንጂ አያርርም። ሁለቱንም 43 ላይ አብርጄ እኩል እርሾ ሰጥቼ አንድ ሳጥን ውስጥ አስገባሁ።

በማግሥቱ ከፍሪጅ ሳወጣቸው ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ቶሎ የወረደው ረግቷል። ማንኪያ ሲገባበት ግን ጉድጓዱን አጓት ሞላው፤ ሳህን ላይ ሲደረግ ተንጣለለ። የቆየው ግን ማንኪያው የቆረጠው ጠርዝ እንደ ተቆረጠ ቆመ። ውስጡ የሚያብረቀርቅ፣ ለስላሳ፣ ያለ አንድ ቅንጣት። ጠርሙሱን ዘንበል ሳደርገው አልተነቃነቀም። እርሾው ያው ነው፣ ሙቀቱ ያው ነው፣ ሰዓቱ ያው ነው። የተለየው አሥሩ ደቂቃ ብቻ ነው።

ኅዳር መግቢያ፦ ስንት ሰዓት?

አሁን ሰዓቱ ቀረ። አራት ጠርሙስ በአንድ ጊዜ አስገብቼ በየተራ አወጣኋቸው።

በሦስተኛው ሰዓት የወጣው ገና ወተት ነው፤ ወፈር ያለ ክሬም ይመስላል። በአምስተኛው የወጣው ረግቷል። ጠርሙሱ በዝግታ ዘንበል ሲል እርጎው አንድ አካል ሆኖ ከመስታወቱ ይላቀቃል። ጣዕሙ ገር ነው። በስምንተኛው የወጣው ከዚያ ትንሽ ይጠነክራል፣ ይኮመጥጣልም። ሌሊቱን ሙሉ የቆየው መሀሉ ተሰብስቦ ዙሪያውን አጓት ከቦታል። አሲዱ ሲበዛ መረቡ ይኮማተርና የያዘውን ውኃ ይተፋል። ስለዚህ ማቆየት እስከ አንድ ቦታ ያወፍራል፤ ከዚያ ካለፈ ያፈርሳል።

ሰዓት ከሙቀት ተነጥሎ አይነገርም። 43 ላይ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት የሚበቃው 38 ላይ እስከ አሥር ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ሁለቱን ሳወዳድር ዝቅ ባለው ሙቀት ቀስ ብሎ የረጋው ይበልጥ ለስለስ ያለና አጓት የማይለቅ ነው። 45 ላይ የረጋው ቶሎ ደርሷል፤ ግን ትንሽ ይሻክራል። አሁን የምጀምረው 42 ላይ ነው። ሳጥኑ ቀስ ብሎ ወደ 39 ሲወርድ ሥራው ስድስት ሰባት ሰዓት ይፈጃል። ለኔ ምላስ ከሁሉም ያማረው ይሄ ነው።

ሁለት ነገር ጨምሬ ልጻፍ። እየረጋ ሳለ መነካካት የለበትም። ልጆች ረግቷል አልረጋም እያሉ ጠርሙሱን ሲያነቃንቁ የተበጠሰው መረብ ተመልሶ አይገጥምም፤ የዚያን ቀን እርጎ ቀጭን ሆኖ ቀረ። ሁለተኛው፣ ሞቅ ያለ እርጎ ላይ አይፈረድም። ከሳጥኑ እንደ ወጣ ሳይቀላቀል ፍሪጅ ውስጥ ማደር አለበት። ቅዝቃዜው አሲዱ መጨመሩን በጣም ያዘገየዋል፤ እርጎውንም ያጠነክረዋል።

ኅዳር ሁለተኛ ሳምንት፦ የእማማ እርጎ

ጎረቤታችን እማማ ጠርሙሶቹን አይተው፣ «ልጄ፣ እኔ ይህን ሁሉ ሳላደርግ ይረጋልኝ የለ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እሳቸው ቅሉን በወይራ አጥነው ወተቱን ሳያፈሉ ይጨምሩታል፤ ጥግ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል፤ ይረጋል። ከእርጎአቸው ትንሽ በኩባያ ሰጡኝ።

ያንን እርሾ አድርጌ እንደ ልማዴ 42 ዲግሪ ሳጥን ውስጥ አስገባሁት። ከሰባት ሰዓት በኋላ ወተት ነው። በዚያው ቀን ከዚያው ኩባያ ሌላ ጠርሙስ ላይ ጨምሬ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ትቼው ነበር። እሱ በሁለተኛው ቀን ረጋ።

ባክቴሪያው ሌላ ነው። የቅል እርጎ የሚረጋው ከ20 እስከ 30 ዲግሪ በሚስማማቸው ነው፤ 42 ለነሱ ይበዛባቸዋል። የሱቁ እርጎ ደግሞ በተቃራኒው መደርደሪያ ላይ ያንቀላፋል። ብዙ ቤት የሚቀጥነው እርጎ መነሻው ይሄ መደበላለቅ ነው፤ የሱቅ እርሾ ይወሰድና በቅል እርጎ ልማድ ይረጋል። እርሾው ከየት እንደ መጣ ሳይታወቅ ሙቀቱን መወሰን አይቻልም።

ያልፈላ ወተት ግን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ብሩሴላና የከብት ቲቢ በጥሬ ወተት ይተላለፋሉ። ማኮምጠጡ እነሱን ያጠፋል ብዬ አልተማመንም። እኔ የቅሉን እርሾ ስጠቀም ወተቱን አፍልቼ አብርጄ ነው።

በዚያው ሳምንት፦ ያልረጋ ወተት

ሁሉንም እንደ ለመድኩት ሠርቼ አንድ ቀን ሳጥኑን ስከፍት ወተቱ ምንም አልሆነም። ቀመስኩት። ጣፋጭ ነው፤ የኮምጣጣ ምልክት የለውም።

ከዚህ ቀን ጀምሮ ቀጭን እርጎ ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማደርገው መቅመስ ነው። ቀጭን ሆኖ ጣፋጭ ከሆነ ባክቴሪያው አልሠራም ማለት ነው። ወይ ሙቀቱ ወርዷል፣ ወይ እርሾው የተጨመረው ወተቱ ገና ሳይበርድ ነውና ሞቷል፣ ወይ እርሾው አርጅቷል፣ ወይ ወተቱ ውስጥ አንቲባዮቲክ አለ። ቀጭን ሆኖ ኮምጣጣ ከሆነ ግን ባክቴሪያው ድርሻውን ተወጥቷል። ችግሩ መረቡ ነው፤ ወይ በደንብ አልሞቀም፣ ወይ ወተቱ ውኃ አለበት፣ ወይ ሲረጋ ተነቃንቋል።

የኔው ጣፋጭ ነበር። ሙቀቱን ለክቼዋለሁ፤ እርሾው ከሁለት ቀን በፊት በደንብ የሠራ ነው። በዚያው እርሾ በከረጢት ወተት ስሞክር በሰዓቱ ረጋ። ስለዚህ ጥርጣሬው ወደ ወተቱ ሄደ። ወተት አምጪውን ስጠይቀው ከላሞቹ አንዷ ጡቷ አብጦ መርፌ እንደተወጋች ነገረኝ። የጡት በሽታ መድኃኒት ወደ ወተቱ ይገባል፤ ማፍላት አያጠፋውም፤ የእርጎ ባክቴሪያ ደግሞ በጥቂቱ እንኳን ይጎዳል። ወተቷ ለተወሰኑ ቀናት ተለይቶ መደፋት ይገባው ነበር። አሁን ላም ሲታከም ቀድሞ እንዲነግረኝ ተስማምተናል።

ኮምጣጣ ሆኖ ለሚቀጥነው፣ ወተቱ ራሱ ሳሳ ያለ ከሆነ፣ ለ1 ሊትር ሦስት የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ወተት ከመሞቁ በፊት መበጥበጥ ይረዳል። መረቡ የሚሠራበት ፕሮቲን ይጨምርለታል። ወጪ አለው፤ ብዙ ሲገባም ዱቄት ዱቄት ይላል። ደህና ወተት ሲገኝ አልጨምርም። ሌላው መንገድ የረጋውን በንጹሕ ነጠላ ማጥለል ነው። በእርግጥ ይወፍራል፤ ግን መጠኑ በጣም ያንሳል።

ኅዳር 14፦ ጾም ሊገባ ነው

ነገ ጾመ ነቢያት ይገባል። እስከ ገና እርጎ አልሠራም፤ እርሾው ግን መቀጠል አለበት። ፍሪጅ ውስጥ ከሳምንት በላይ ሲቆይ ጉልበቱ እየደከመ እንደሚሄድ አይቻለሁ። በእርግጥ ከእርጎ ወደ እርጎ ስወስደውም ለዘላለም አልሄደም። እየቆየ ኮምጣጣነቱ ሲያይል፣ ማርጋቱም ሲዘገይ ከሱቅ አዲስ ገዝቼ ቀይሬዋለሁ።

ዛሬ የመጨረሻውን ጠርሙስ ከፍቼ፣ ማንም ማንኪያ ሳያስገባበት፣ ከላዩ ያለውን ትቼ ከመሀሉ ወሰድኩ። በበረዶ ማውጫው ትሪ ላይ በየጉድጓዱ አንድ የሾርባ ማንኪያ አድርጌ ፍሪዘር ውስጥ አስገባሁ። ሲጠጥር በከረጢት አስሬ ቀኑን ጻፍኩበት። በረዶ ከባክቴሪያው ከፊሉን ይገድላል። ስለዚህ ገና ሲመጣ ለ1 ሊትር በሁለት ፈንታ ሦስት ጡብ እጨምራለሁ። በፍሪጅ ውስጥ ቀስ ብሎ ከቀለጠ በኋላ። ሳጥኑም ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል ጨምሬ አቆየዋለሁ። የመጀመሪያው እርጎ ደከም ቢል ለመብላት ሳይሆን ለእርሾ ይሆናል፤ ከሱ የሚረጋው ሁለተኛው ለቤቱ።